ሲማር ሌላ፣ ሲሠራ ሌላ

ፎቶ አይቶ «ድመት ነው» ወይም «ውሻ ነው» እንዲል የሠለጠነ አንድ የኮምፒውተር ሞዴል እናስብ። በሥልጠናው ወቅት ውጤቱ ጥሩ ነበር። አገልግሎት ላይ ሲውል ግን አንዱን ፎቶ አሁን ድመት፣ ትንሽ ቆይቶ ውሻ ይለዋል። ፎቶው ያው ነው። ሞዴሉ ውስጥ በሥልጠና የተገኙት ቁጥሮችም አንዳቸውም አልተነኩም። ታዲያ መልሱ ለምን ተቀያየረ?

በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ሳይጻፍ የቀረ አንድ መስመር ኮድ ነው። መስመሩ ለሞዴሉ «ትምህርት አብቅቷል፤ ከእንግዲህ ሥራ ነው» ብሎ ይነግረዋል። ይህ መንገር የሚያስፈልገው ብዙ ሞዴሎች ውስጥ የሚገኙ ሁለት ስልቶች በሥልጠና ጊዜና በአገልግሎት ጊዜ የተለያየ ነገር ስለሚሠሩ ነው። አንደኛው ድሮፕአውት፣ ሁለተኛው ባች ኖርማላይዜሽን ይባላል።

የሁለቱ ጠባይ ቢመሳሰልም ምክንያታቸው ይለያያል። ድሮፕአውት ወደ ሥልጠናው ዕጣን ያስገባል፤ ባች ኖርማላይዜሽን ደግሞ ጎረቤትን ያስገባል። ሁለቱም ለመማር ይጠቅማሉ። መልስ በሚሰጥበት ጊዜ ግን ዕጣውም ጎረቤቱም ከስሌቱ መውጣት አለባቸው።

ከውስጥ ሲታይ

ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው ነገር በንብርብር የተደረደሩ የብዙ ትንንሽ ስሌቶች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ የስሌት ነጥብ ኒውሮን ይባላል። ኒውሮኑ ከበፊቱ ንብርብር የመጡለትን ቁጥሮች ይቀበላል፤ እያንዳንዱን በራሱ ክብደት ያባዛል፤ ይደምራል፤ ውጤቱንም ለሚቀጥለው ንብርብር ያሳልፋል።

ማሠልጠን ማለት እነዚህን ክብደቶች ማስተካከል ነው። ሞዴሉ ምሳሌ ይሰጠዋል፣ ይመልሳል፣ ስህተቱ ይለካል፤ ከዚያም ክብደቶቹ ስህተቱን ወደሚቀንስ አቅጣጫ በጥቂቱ ይገፋሉ። ይህ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ምሳሌዎቹ የሚገቡት አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን ነው፤ ለምሳሌ 32 ወይም 64 ፎቶ በአንድ ጊዜ። ይህ ቡድን ባች ይባላል። ባቹ በየዙሩ በዕጣ ስለሚደለደል አንድ ፎቶ ዛሬ አብረውት ከገቡት ፎቶዎች ጋር በሚቀጥለው ዙር ላይገናኝ ይችላል።

አገልግሎት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሰው አንድ ፎቶ ይልካል፤ መልስ ይጠብቃል። ክብደት አይስተካከልም፤ አብሮ የሚገባ ቡድንም ላይኖር ይችላል።

ድሮፕአውት፦ በዕጣ ዝም ማሰኘት

በ2012 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት አሌክስ ክሪዠቭስኪ፣ ኢሊያ ሱትስኬቨር እና ጄፍሪ ሂንተን ኢሜጅኔት በተባለው የምስል መለያ ውድድር አሸነፉ። ሞዴላቸው በኋላ አሌክስኔት ተብሎ ታወቀ። ፎቶዎችን በ1,000 ምድብ መለየት ነበረበት። የተማረው ከ1.2 ሚሊዮን ገደማ ፎቶዎች ሲሆን፣ የሚስተካከሉት ክብደቶች ግን 60 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ክብደቶቹ እንዲህ ሲበዙ ሞዴሉ ድመትን ከውሻ የሚለየውን ነገር ከመማር ይልቅ የሥልጠናውን ፎቶዎች መሸምደድ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ባያቸው ፎቶዎች ላይ ይሳካለታል፤ አዲስ ፎቶ ሲመጣ ግን ይወድቃል። ተመራማሪዎቹ መፍትሔ ያደረጉት በዚያው ዓመት የሂንተን ቡድን ያቀረበውን ድሮፕአውትን ነበር። በሞዴሉ መጨረሻ አካባቢ ካሉት ሙሉ በሙሉ ከተያያዙ ንብርብሮች በሁለቱ ላይ፣ ምሳሌ በገባ ቁጥር እያንዳንዱ ኒውሮን ሳንቲም እንደተወረወረለት ሆኖ በግማሽ ዕድል ውጤቱ ዜሮ ይደረጋል። ዜሮ የሆነው ኒውሮን በዚያ ዙር አይናገርም፤ ክብደቱም ከዚያ ምሳሌ አይማርም። በሚቀጥለው ዙር ዕጣው እንደገና ይወጣል።

ይህ ሽምደዳን የሚከላከለው ኒውሮኖች እርስ በርስ እንዳይደጋገፉ ስለሚያደርግ ነው። ድሮፕአውት ከሌለ አንዱ ኒውሮን የሌላውን ስህተት ለማረም ብቻ ሊሠለጥን ይችላል። ሁለቱ ተጣምረው አንዱን የሥልጠና ፎቶ በትክክል ይመልሳሉ፤ ተለያይተው ግን ምንም አያውቁም። ጎኑ ያለው ኒውሮን ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ ኒውሮን ግን ብቻውንም የሚጠቅም ነገር ለመያዝ ይገደዳል። ዋጋው ጊዜ ነው። የአሌክስኔት ሠሪዎች እንደጻፉት፣ ሞዴሉ ያለ ድሮፕአውት ክፉኛ ይሸመድድ ነበር፤ በድሮፕአውት ደግሞ ሥልጠናው ሁለት እጥፍ ያህል ዙር ፈጅቷል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አንድ ኒውሮን ከአራት ኒውሮኖች 2፣ 4፣ 1 እና 3 ተቀበለ እንበል፤ ለቀላልነት ክብደቶቹ ሁሉ 1 ይሁኑ። ሁሉም ሲናገሩ ድምሩ 10 ነው። በሥልጠና ጊዜ ግን ዕጣው ሁለተኛውንና አራተኛውን ዝም ካሰኘ የሚቀረው 2 ሲደመር 1፣ ማለትም 3 ነው። በሌላ ዙር አንደኛውና ሦስተኛው ዝም ቢሉ 4 ሲደመር 3፣ 7 ይሆናል። የ3 እና የ7 አማካይ 5 ነው። ዕጣው በሚወጣባቸው መንገዶች ሁሉ ብናሰላውም አማካዩ ያው 5 ይመጣል፤ የሙሉው ድምር ግማሽ ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀጣዩ ንብርብር በሥልጠናው ሁሉ በአማካይ 5 አካባቢ የሆነ ቁጥር ለምዷል። አገልግሎት ላይ ዕጣውን አንስተን ሁሉንም ብናናግር በድንገት 10 ይመጣበታል። ስለዚህ መመጣጠን አለበት። አሌክስኔት ይህን ያደረገው በፈተና ጊዜ የኒውሮኖቹን ውጤት በ0.5 በማባዛት ነበር። ዛሬ የተለመደው በተቃራኒው በሥልጠና ጊዜ ማካካስ ነው። ግማሾቹ ዝም ሲሉ የቀሩት በ2 ይባዛሉ፤ 3 የነበረው 6፣ 7 የነበረው 14 ይሆናል፤ አማካያቸው 10 ነው። አገልግሎት ላይ ድሮፕአውት ምንም አይሠራም፤ 10 ገብቶ 10 ይወጣል። ዝም የሚሉት ከአምስት አንድ ከሆኑ ደግሞ የቀሩት በ1.25 ይባዛሉ።

ከዚህ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር ይከተላል። ድሮፕአውት ባለበት ሞዴል የሥልጠናው ውጤት ከፈተናው ውጤት ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። «ያላየውን ካየው በልጦ እንዴት ይመልሳል?» ያሰኛል። መልሱ ቀላል ነው፤ በሥልጠና ላይ የሚለካው ኒውሮኖቹ በከፊል ዝም ያሉ ሞዴል ነው፤ ፈተናውን የሚወስደው ግን ሙሉው ነው።

ባች ኖርማላይዜሽን፦ ከጎረቤት አንጻር መመዘን

በ2015 የጉግል ተመራማሪዎች ሰርጌ አዮፍ እና ክርስቲያን ሴገዲ ሌላ ችግር ይዘው ተነሡ። ብዙ ንብርብር ያለው ሞዴል ሲሠለጥን በውስጡ የሚተላለፉት ቁጥሮች አንዴ በጣም ይተልቃሉ፤ አንዴ በጣም ያንሳሉ። ስለዚህ ክብደቶቹ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ መገፋት አለባቸው፤ በትልቅ እርምጃ ከተገፉ ሥልጠናው ይፈርሳል። ያቀረቡት ስልት በእያንዳንዱ ንብርብር መካከል ቁጥሮቹን ወደ አንድ ወጥ ልክ ማምጣት ነበር። በወቅቱ በነበረ አንድ ጠንካራ የምስል መለያ ሞዴል ላይ ሞክረውት፣ ሞዴሉ የነበረውን ትክክለኛነት በ14 እጥፍ ባነሰ የሥልጠና እርምጃ ደረሰበት።

ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይህን አሠራር ከውጤት አሰጣጥ ያውቀዋል። መምህሩ በቋሚ መለኪያ ሳይሆን በከርቭ ሲያርም፣ 60 ያመጣ ተማሪ ደካማ ክፍል ውስጥ ኤ፣ ጎበዝ ክፍል ውስጥ ሲ ሊያገኝ ይችላል። ውጤቱን የሚወስነው የጻፈው ብቻ ሳይሆን አብረውት የተፈተኑት ጭምር ናቸው። ባች ኖርማላይዜሽን በሥልጠና ጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስሌቱን በቅርብ እንየው። አንድ ኒውሮን በባቹ ውስጥ ላሉ አራት ፎቶዎች 2፣ 4፣ 6 እና 8 የሚል ቁጥር አወጣ። አማካያቸው 5 ነው። ከአማካዩ ያላቸው ርቀት በተራ −3፣ −1፣ 1 እና 3 ነው። ርቀቶቹ በራሳቸው ተባዝተው አማካያቸው ሲወሰድ 5 ይመጣል፤ ይህ ቫሪያንስ ይባላል፤ የቁጥሮቹን መበታተን የሚለካ ነው። የ5 ስኩዌር ሩት 2.24 ገደማ ነው። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ቁጥር አማካዩ ይቀነስና በ2.24 ይካፈላል። 8 ያገኘው ፎቶ 3 ሲካፈል ለ2.24፣ ማለትም 1.34 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ሞዴሉ ራሱ በሚማረው አንድ ቁጥር ይባዛል፤ ሌላ የሚማረው ቁጥር ይደመርበታል። እነዚህ ሁለቱ እንደ ሌሎቹ ክብደቶች ስለሆኑ ሥልጠናው ሲያልቅ ባሉበት ይቆማሉ።

አሁን ያንኑ 8 ያገኘውን ፎቶ ወደ ሌላ ባች እንውሰደው፤ አብረውት ያሉት 10፣ 12 እና 14 ያገኙ ናቸው። አማካዩ 11 ሆነ፤ መበታተኑ እንደበፊቱ ነው። የእኛ ፎቶ −1.34 ወጣለት። ፎቶው አንድ፣ ክብደቶቹ አንድ፤ ውጤቱ ግን ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ተገለበጠ። በብዙ ሞዴሎች ከዚህ ቀጥሎ ሬሉ የሚባል፣ ከዜሮ በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ የሚያደርግ ስሌት ስለሚመጣ፣ በመጀመሪያው ባች የተሰማው የፎቶው ምልክት በሁለተኛው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

በሥልጠና ጊዜ ይህ ብዙም አይጎዳም። ባቹ 64 ፎቶ ሲይዝና በዕጣ ሲደለደል የአንዱ ባች አማካይ ከሌላው እንዲህ አይራራቅም። የቀረችው ትንሽ መወዛወዝም ጥቅም አላት፤ ሞዴሉ አንድን ፎቶ በየዙሩ በመጠኑ ተለውጦ ስለሚያገኘው ለመሸምደድ ይከብደዋል። አዮፍ እና ሴገዲም ባች ኖርማላይዜሽን ሲኖር የድሮፕአውት አስፈላጊነት እንደሚቀንስ ጽፈዋል።

ስልቱ ለምን እንደሚሠራ ግን ክርክር አለበት። ፈጣሪዎቹ ምክንያቱን የንብርብሮቹ ግብዓት ሥርጭት በየጊዜው መቀያየሩ ስለሚቀንስ ነው ብለው ነበር። በ2018 ከአሜሪካው ኤምአይቲ የወጣ ጥናት ይህን ፈተነው። ተመራማሪዎቹ ከኖርማላይዜሽኑ በኋላ ሆን ብለው የሚቀያየር ረብሻ ጨመሩበት፤ ሞዴሉ ግን እንደዚያም ሆኖ በደንብ ሠለጠነ። የእነርሱ ማብራሪያ ስልቱ የስህተቱን መልክዓ ምድር ያለሰልሰዋል የሚል ነው፤ ክብደቱ ትንሽ ሲገፋ ስህተቱ በድንገት ስለማይዘል በትልቅ እርምጃ መሄድ ይቻላል።

ጎረቤት ሲጠፋ

አገልግሎት ላይ አንድ ፎቶ ብቻውን መጣ እንበል። በባቹ አማካይ እንመዝነው ካልን ባቹ ራሱ ፎቶው ነው። ኒውሮኑ 8 ቢያወጣ አማካዩም 8 ነው፤ ልዩነቱ ዜሮ። ኒውሮኑ 2 ቢያወጣም ልዩነቱ ዜሮ ነው። ለድመትም ለውሻም ያው ዜሮ ያልፋል፤ ሞዴሉ ታወረ ማለት ነው። ፓይቶርች የተባለው የኮድ መሣሪያ እንዲህ ያለ ነገር በሥልጠና ላይ ሲገጥመው `Expected more than 1 value per channel when training` ብሎ ሥራውን ያቆማል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በትርፍ ነው፤ 641 ፎቶ በ64 ሲከፋፈል የመጨረሻው ባች አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ ይቀራል። መፍትሔው `drop_last=True` ብሎ ያንን ትርፍ መተው ነው።

ፎቶው ከሌሎች ጋር ቢመጣም ጉዳዩ አይፈታም። የአንድ ታካሚ የሳንባ ራጅ የሚሰጠው መልስ በዚያች ደቂቃ የማን ራጅ አብሮ እንደገባ የሚወሰን ከሆነ መልሱ ሊታመን አይችልም።

ስለዚህ ባች ኖርማላይዜሽን በሥልጠናው ሁሉ ጎን ለጎን ማስታወሻ ይይዛል። በእያንዳንዱ ኒውሮን ያየውን አማካይና ቫሪያንስ በየባቹ ያዳብራል፤ አገልግሎት ላይ የባቹን ትቶ ይህን የተከማቸ ልክ ይጠቀማል። የተከማቸው አማካይ 6፣ ቫሪያንሱ 4 ነው እንበል። 8 ያገኘ ፎቶ ከማንም ጋር ይምጣ፣ 8 ሲቀነስ 6 ሲካፈል ለ2፣ ሁልጊዜ 1 ነው። በከርቭ የነበረው እርማት ቋሚ መለኪያ አገኘ።

ይህ ክምችት ግን ቀስ ብሎ የሚደርስ ነው። በፓይቶርች አማካዩ ከ0፣ ቫሪያንሱ ከ1 ይነሣል፤ በየባቹ የድሮው 90 በመቶ ይያዛል፣ ከአዲሱ 10 በመቶ ይጨመራል። የባቾቹ አማካይ ሁልጊዜ 5 ቢሆን ከመጀመሪያው ባች በኋላ ክምችቱ 0.5 ላይ ነው፤ ከ10 ባች በኋላ 3.26፤ ከ50 በኋላ 4.97። ኬራስ በተባለው ሌላ መሣሪያ የድሮው 99 በመቶ ስለሚያዝ መንገዱ ይረዝማል፤ ከ100 ባች በኋላ እንኳ ከመነሻው ቁጥር 37 በመቶው ገና አልለቀቀም። ጥቂት ምሳሌ ይዞ ለአጭር ጊዜ ያሠለጠነ ሰው ሥልጠናው ላይ ጥሩ ውጤት፣ ፈተናው ላይ ግን የግምት ያህል ውጤት ሊያይ ይችላል። ሞዴሉ አልሸመደደም፤ ማስታወሻው አልደረሰለትም።

ማብሪያ ማጥፊያው

በፓይቶርች ሁለቱንም ስልቶች ከሥልጠና ወደ አገልግሎት የሚያሸጋግረው ትእዛዝ አንድ ነው፤ `model.eval()`። ወደ ሥልጠና የሚመልሰው `model.train()` ነው። የተሠራ ሞዴል ሲጀመር በሥልጠና ሁኔታ ላይ ስለሚሆን፣ ትእዛዙን የረሳ ሰው የሚጠቀመው ዕጣ እያወጣ በጎረቤት እየመዘነ ባለ ሞዴል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው `torch.no_grad()` የተባለ ሌላ ትእዛዝ አለ። እርሱ ክብደት ለማስተካከል የሚያስፈልገውን መዝገብ እንዳይያዝ በማድረግ ሜሞሪና ጊዜ ይቆጥባል እንጂ ድሮፕአውትን አያጠፋም፤ ባች ኖርማላይዜሽንንም ወደ ክምችቱ አይመልስም። ይባስ ብሎ ሞዴሉ በሥልጠና ሁኔታ ላይ ሆኖ `no_grad` ብቻ ቢደረግለት፣ በፈተናው ፎቶዎች አማካይ ክምችቱን እያደሰ ይሄዳል። ክብደት ሳይነካ የፈተናው መረጃ ሞዴሉ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ስህተቱ መኖሩን በሁለት ፍተሻ ማወቅ ይቻላል። የመጀመሪያው አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ መስጠት ነው፤ መልሱ ከተለያየ ድሮፕአውት እየሠራ ነው። ሁለተኛው ፎቶውን አንዴ ብቻውን፣ አንዴ ከሌሎች ጋር መስጠት ነው፤ ከተለያየ ባች ኖርማላይዜሽን በጎረቤት እየመዘነ ነው።

```python
model.eval()
with torch.no_grad():
    alone = model(x[:1])
    together = model(x)[:1]
print(torch.allclose(alone, together, atol=1e-5))
```

`True` ከመጣ መልሱ በጎረቤት አልተነካም። ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ሲደምር በቅደም ተከተል የተነሣ እጅግ ጥቃቅን ልዩነት ስለሚፈጠር፣ ንጽጽሩ `atol` በሚለው ትንሽ ልዩነት ይፈቅዳል። የመጀመሪያውን መስመር አጥፍቶ መሞከርም ጥሩ ትምህርት ነው። ባች ኖርማላይዜሽን ባለበት ሞዴል መልሱ ወይ `False` ይሆናል፣ ወይም ከላይ የተጠቀሰው የስህተት መልእክት ይመጣል።

ሆን ብሎ ማብሪያውን የሚተው ሰውም አለ። በ2016 ያሪን ጋል እና ዙቢን ጋራማኒ ድሮፕአውትን በአገልግሎት ጊዜም አብርቶ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ በመጠየቅ፣ ከመልሶቹ መለያየት የሞዴሉን እርግጠኝነት መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ ግን ታውቆ የሚደረግ ነው፤ የሚወሰደውም የብዙ መልሶች አማካይ ነው። ባች ኖርማላይዜሽኑ በዚህ ጊዜም በአገልግሎት ሁኔታ ላይ መቆየት አለበት።

ሁለቱ ሲገናኙ

ማብሪያው በትክክል ተጠቅሞም የሚመጣ አንድ ጉዳት አለ። ድሮፕአውት ከባች ኖርማላይዜሽን በፊት ሲቀመጥ የሚፈጠር ነው፤ በ2018 ሺያንግ ሊ እና ባልደረቦቹ በዝርዝር አጥንተውታል።

ቀድሞ ወዳየናቸው 2፣ 4፣ 6 እና 8 እንመለስ፤ አማካያቸው 5፣ ቫሪያንሳቸው 5 ነበር። ግማሹን ዝም የሚያሰኝ ድሮፕአውት በላያቸው ላይ ቢያልፍ እያንዳንዱ ቁጥር ወይ ዜሮ ወይ እጥፍ ይሆናል። አማካዩ 5 እንደሆነ ይቆያል፤ ማካካሻው የተሠራው ለዚህ ነውና። መበታተኑ ግን አይጠበቅም። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 16 ተዘርግተዋል፤ ስሌቱ ሲሠራ ቫሪያንሱ 35 ይመጣል። ባች ኖርማላይዜሽኑ በሥልጠናው ሁሉ በማስታወሻው የሚይዘው ይህንን 35 ነው።

አገልግሎት ሲጀመር ድሮፕአውት ይጠፋል። እውነተኛው ቫሪያንስ ወደ 5 ይመለሳል፤ ማስታወሻው ግን አሁንም 35 ይላል። በ2.24 መካፈል የነበረባቸው ቁጥሮች በ5.92 ይካፈላሉ፤ ከሚገባቸው መጠን 38 በመቶ ገደማ ሆነው ያልፋሉ። ቀጣዩ ንብርብር በሥልጠና ከለመደው እጅግ የተጨመቀ ቁጥር ይደርሰዋል፤ ይህ በየንብርብሩ ሲደጋገም ውጤቱ ይወርዳል። ምንም ያልተረሳ፣ ምንም የስህተት መልእክት የሌለበት ሞዴል ከሚገባው በታች ይመልሳል። መከላከያው ድሮፕአውቱን ከመጨረሻው ባች ኖርማላይዜሽን በኋላ ማስቀመጥ፣ ወይም ዝም የሚሉትን ኒውሮኖች ቁጥር መቀነስ ነው።

የተዘጋጀ ሞዴል ለሚወስዱ

ዛሬ አብዛኛው ሰው ሞዴል ከባዶ አያሠለጥንም፤ ሌሎች ያሠለጠኑትን ወስዶ በራሱ ጥቂት መቶ ፎቶዎች ያስተካክለዋል። ችግሩ እዚህም ይደበቃል። በፓይቶርች `requires_grad=False` ብሎ ክብደቶቹን ያሰረ ሰው ሞዴሉን ሁሉ ያሰረ ይመስለዋል። የባች ኖርማላይዜሽን ክምችት ግን ክብደት አይደለም፤ ሞዴሉ በሥልጠና ሁኔታ እስካለ ድረስ በአዲሶቹ ጥቂት ፎቶዎች መቀየሩን ይቀጥላል። ባቹ አራት ፎቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ በሚሊዮን ፎቶ የተገነባው ልክ በተወዛወዘ ልክ ይተካል። እነዚያን ንብርብሮች ለይቶ `eval()` ማድረግ ያስፈልጋል። በኬራስ ግን ንብርብሩ `trainable=False` ሲባል ባች ኖርማላይዜሽኑ አብሮ ወደ አገልግሎት ሁኔታ ይገባል።

ባች ማነስ ራሱ የስልቱ ወሰን ነው። ትልልቅ የሕክምና ምስሎችን የሚያሠለጥን ሰው ሜሞሪው ከሁለት ምስል በላይ ላይችልለት ይችላል፤ የሁለት ምስል አማካይ ደግሞ የሚታመን አይደለም። በ2018 የቀረበው ግሩፕ ኖርማላይዜሽን ለዚህ የመጣ ነው። በ2016 የቀረበውና ጽሑፍ የሚያመነጩ ብዙ ሞዴሎች የተጠቀሙበት ሌየር ኖርማላይዜሽንም አማካዩን የሚያሰላው በአንዱ ምሳሌ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ነው። ሁለቱም ጎረቤት ስለማያዩ በሥልጠናም በአገልግሎትም አንድ ዓይነት ይሠራሉ፤ ክምችት የላቸውም፤ ማብሪያም አያስፈልጋቸውም። ድሮፕአውት አብሮ ካለ ግን የእርሱን ዕጣ ማጥፋት አሁንም ግድ ነው።

ስለዚህ የሞዴልዎን ውጤት ለሌላ ሰው ከመናገርዎ በፊት ሁለቱን ፍተሻ ያድርጉ፤ አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ ይስጡት፤ ከዚያ አንዴ ብቻውን፣ አንዴ ከሌሎች ጋር ይስጡት። መልሱ ከተቀያየረ በእጅዎ ያለው ቁጥር የሞዴሉ ችሎታ መለኪያ አይደለምና አይጠቀሙበት።